አረንጓዴ መብራት፣ ባዶ ባትሪ

ሐዋሳ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት የከፈተ ሰው ከደንበኛ ጋር የሚጣላው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ሒሳብ ነው፣ ሌላው ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ድርግም የሚል ጆይስቲክ። አጥቂው ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ተገናኝቶ ሳለ ጨዋታው ይቆምና ጆይስቲኩ ተቋርጧል የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ተጫዋቹ ብሩን መልስ ይላል። ባለቤቱ ደግሞ “ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ነበር እኮ! ጠዋት አረንጓዴ አብርቶ ነው ያገኘሁት” ብሎ ይምላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መብራቱ አረንጓዴ ነበር፣ ባትሪውም ባዶ ነበር። ይህ ዳሰሳ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው፦ መብራቱ በትክክል የሚለካው ምንድን ነው? ይህ ከታወቀ ዶክ ልግዛ ወይስ ኬብል ይበቃኛል፣ ድንጋይ ይሻላል ወይስ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ የሚሉት ጥያቄዎች መልሳቸው ብዙም አይርቅም።

ከፒያሳ እስከ አቶቴ ባየኋቸው ቤቶች ዛሬም ሥራውን ተሸክሞ ያለው ፕሌይስቴሽን 4 ነው። ማሽኑ ከነጆይስቲኩ፣ ማለትም ከዱዋልሾክ 4 ጋር፣ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ነው። በጆይስቲኩ ሆድ ውስጥ ያለችው ባትሪ 3.7 ቮልት የሆነች፣ 1000 ሚሊአምፒር ሰዓት የምትይዝ ሊቲየም ናት። ባዶ ከሆነች እስክትሞላ ሁለት ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅ የሶኒ መመሪያ ይናገራል። ሁለት ሰዓት የምትለዋ ነገር አትረሳ፤ የታመመ ባትሪ ከጤነኛው የሚለየው በእሷ ነው።

ሊቲየም ባትሪ የሚሞላው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ጆይስቲኩ ውስጥ ያለው የቻርጅ ሰርኪዩት ያልተለዋወጠ መጠን ያለው ከረንት እየገፋ ያስገባል፣ የባትሪው ቮልቴጅም ቀስ እያለ ይወጣል። 4.2 ቮልት ሲደርስ ሰርኪዩቱ ቮልቴጁን እዚያው ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው ከረንት እየሳሳ ይሄዳል። ከመነሻው አንድ አሥረኛ አካባቢ ሲደርስ ሰርኪዩቱ “በቃ” ብሎ ያቋርጣል፣ መብራቱም ይጠፋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ መሐል ባትሪው ውስጥ ስንት እንዳለ የቆጠረ የለም። የታየው ቮልቴጅና ከረንት ብቻ ነው። ያረጀ ባትሪ ደግሞ ውስጡ ከረንትን አላሳልፍ ስለሚል ገና ጥቂት እንደገባለት ቮልቴጁ 4.2 ላይ ይሰቀላል፣ ከረንቱም ወዲያው ይሳሳል። ሰርኪዩቱ የሞላ ይመስለዋል። “የኔ ጆይስቲክ ጎበዝ ነው፣ በሃያ ደቂቃ ይሞላል” የሚል ባለቤት አጋጥሞኛል። በሃያ ደቂቃ የሞላ ባትሪ ሊሞት የተቃረበ ባትሪ ነው።

ጆይስቲኩ ራሱ ላይ ያለው መብራት ሌላ ሥራ ስላለበት ነገሩን ይበልጥ ያደናግራል። ማሽኑ ሬስት ሞድ ላይ ሆኖ ወይም ጆይስቲኩ ጠፍቶ ቻርጅ ሲደረግ ብርቱካናማ ብርሃን ቀስ እያለ ደመቅ ፈዘዝ ይላል፤ ሲሞላ ይጠፋል። ጨዋታ ላይ እያለ ኬብል ብትሰኩበት ግን ብርቱካናማውን አታዩትም። ያን ጊዜ መብራቱ የሚነግራችሁ የተጫዋቹን ተራ ነው፦ አንደኛው ሰማያዊ፣ ሁለተኛው ቀይ፣ ሦስተኛው አረንጓዴ፣ አራተኛው ሮዝ። ስለዚህ “ቀይ አብርቷል፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው” ብሎ ጆይስቲክ የሚያስቀይር ልጅ የሚያየው ሁለተኛ ተጫዋች መሆኑን ነው። አንዳንድ ጌሞችም መብራቱን ለራሳቸው ይጠቀሙበታል፤ ጂቲኤ 5 ላይ ፖሊስ ሲያሳድድህ ቀይና ሰማያዊ እየተፈራረቀ ብልጭ ይላል። የባትሪውን መጠን ማየት የፈለገ የፒኤስ ቁልፉን ተጭኖ ይያዝና ስክሪኑ ላይ የሚመጡትን የባትሪ መስመሮች ይይ። እነሱም ግምት ናቸው፣ ቢሆንም ከቀለሙ ይሻላሉ።

ስለ መብራቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥገና ቤቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ነው። ዱዋልሾክ 4 ውስጥ የማይክሮ ዩኤስቢ ቀዳዳውና የመብራቱ ኤልኢዲ የተቀመጡት በአንድ ትንሽ ቦርድ ላይ ነው። ቦርዷ ከዋናው ጋር የምትገናኘው በስስ ሪባን ነው። ስለዚህ ጆይስቲኩ ወድቆ ሪባኑ ከቦታው ትንሽ ሲወጣ መብራቱም ቻርጁም አብረው ያብዳሉ፦ መብራቱ አንዴ በርቶ አንዴ ይጠፋል፣ ቀለሙ ይዛባል፣ ኬብሉ ሲነካካ ቻርጅ ያደርጋል ሲለቀቅ ይተዋል። እንዲህ ሲሆን ባትሪ መቀየር ብር ማባከን ነው። ቦርዷ ራሷ ርካሽ ናት፤ ግን ሪባኗ 12 እግር ያለውም 14 እግር ያለውም አለ። ፈትቶ ሳይቆጥሩ ገበያ መውጣት ሁለት ጊዜ መመላለስ ያመጣል።

አሁን ወደ ሐዋሳ ሌሊት እንምጣ። ብዙው ባለቤት ማታ ሲዘጋ ማሽኑን ሬስት ሞድ ላይ ያደርግና ጆይስቲኮቹን በኬብል ከማሽኑ ጋር ያያይዛቸዋል። ለዚህ `Settings` ውስጥ `Power Save Settings` ገብቶ `Set Features Available in Rest Mode` ከሚለው ሥር `Supply Power to USB Ports` የሚለውን `Always` ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህ እስካሁን ችግር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ ነው። ማሽኑ ጨርሶ ይጠፋል። መብራቱ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቢመጣም ፕሌይስቴሽን 4 ራሱ ተነሥቶ ወደ ሬስት ሞድ አይመለስም፤ ሰው መጥቶ እስኪያበራው እንደጠፋ ይቆያል። ዩኤስቢውም ምንም አይሰጥም። ጠዋት ባለቤቱ ሲመጣ የጆይስቲኩ መብራት ጠፍቷል፤ የጠፋ መብራት ደግሞ የሞላ ማለት ነውና ደስ ብሎት ይነቅለዋል። ሲሞላ የሚጠፋ መብራትና ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚጠፋ መብራት በዓይን አንድ ናቸው።

በዚህ ምክንያት፣ መብራት በሚመላለስበት ከተማ፣ ከግድግዳ የሚሠራ ቻርጀር ወይም ዶክ ከማሽኑ ዩኤስቢ የተሻለ ነው ባይ ነኝ። መብራት ሲመጣ ማንም ሳይነካው ሥራውን ይቀጥላል። ተራ ባለ 5 ቮልት የስልክ ቻርጀር ለዱዋልሾክ 4 ይበቃዋል፤ ፈጣን የሚባለውም ቢሆን ጆይስቲኩ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለማይጠይቀው በ5 ቮልቱ ይቆያል። የፕሌይስቴሽን 3 ጆይስቲክ ግን ለየት ይላል። እሱ ቻርጅ ከመጀመሩ በፊት ዩኤስቢው ማዶ ማሽን ወይም ኮምፒውተር መኖሩን ስለሚያጣራ በብዙ የስልክ ቻርጀሮች ላይ ሌሊቱን ቢያድር ምንም አይገባለትም። አሮጌ ማሽን ይዘው የሚሠሩ ቤቶች “ባትሪው ሞቷል” ብለው ከሚጥሏቸው የፕሌይስቴሽን 3 ጆይስቲኮች ውስጥ ጥቂቱ በዚህ የተነሣ ሳይመረመር የተፈረደበት ነው።

ዶክ የተባለው ጆይስቲኩ የሚቀመጥበት ማቆሚያ ነው። ከሥር በኩል ባለው ቀዳዳ የብረት እግሮች ላይ የሚያርፍ አለ፣ በትንሽ ማይክሮ ዩኤስቢ መሰኪያ በኩል የሚሠራም አለ። ከኬብል የሚበልጥበት ዋናው ነገር የዩኤስቢ ቀዳዳውን ማትረፉ ነው። የፕሌይስቴሽን ቤት ጆይስቲክ ከሁሉ በፊት የሚበላሸው ቀዳዳው ላይ ነው፤ በቀን ብዙ ጊዜ ይሰካል ይነቀላል፣ ሳይነቀል ይጎተታል። ነገር ግን ዶክ የራሱን መብራት ይዞ ይመጣል፣ የክርክሩ ሁሉ ምንጭም ይህ መብራት ነው። በገበያችን ያለው ርካሽ ዶክ ከባትሪው ጋር አይነጋገርም። የሚያውቀው በእሱ በኩል ስንት ከረንት እያለፈ እንደሆነ ብቻ ነው። ከተወሰነ መጠን በላይ ካለፈ ቀይ፣ ከዚያ በታች ከሆነ አረንጓዴ። በር ላይ ያለን የውኃ ቆጣሪ አስቡ፤ መሽከርከሩን ሲያቆም ሮቶው ሞልቶ ሊሆን ይችላል፣ መስመሩ ተዘግቶም ሊሆን ይችላል፤ ቆጣሪው ሁለቱን አይለይም። ዶኩም ባትሪው ሲሞላ አረንጓዴ ያበራል፣ እግሮቹ ሳይነኩ ሲቀሩም አረንጓዴ ያበራል።

አቶቴ አካባቢ አንድ ወዳጄ የሚሠራበት ቤት የሆነውን ላውራ። አንዷ ጆይስቲክ ጠዋት አረንጓዴ ላይ ትገኛለች፤ አንድ ጨዋታ ሳይጠናቀቅ ትጠፋለች። በመጀመሪያ በዶኩና በቻርጀሩ መሐል የዩኤስቢ መለኪያ አስገባን፤ ይህች መለኪያ ቮልት፣ አምፒርና ያለፈውን ሚሊአምፒር ሰዓት የምታሳይ ትንሽ ዕቃ ናት። ጆይስቲኳ ተቀምጣ መለኪያው ከዜሮ ፈቀቅ አላለም። በእጅ ወደ ታች ጫን ሲደረግ ወዲያው 0.4 አምፒር አለ፣ የዶኩም መብራት ቀይ ሆነ። ሲለቀቅ እንደገና አረንጓዴ። ጥፋቱ ግልጽ ነው፤ የብረት እግሮቹ ላይ አቧራና የእጅ ቅባት ተጋግሮ ጠቁሯል። በአልኮል በተነከረ ጥጥ ሲጠረግ ጥጡ ጥላሸት መስሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሳይጫኑትም ቀይ ማብራት ጀመረ።

በዚያ ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር። በማግስቱ ጆይስቲኳ ሦስት መስመር አሳይታ ጀመረች፣ ግን ከአንድ ሰዓት አላለፈችም። ስለዚህ ባዶ እስክትሆን ተጫውተን፣ አጥፍተን፣ በመለኪያው በኩል በኬብል ሰካናት። ብርቱካናማው መብራት የጠፋው ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነው፤ መለኪያው ላይ የተመዘገበው 180 ሚሊአምፒር ሰዓት ነበር። ከ1000 ውስጥ 180። የኋላውን አራት ብሎን በትንሽ ካቻቢቴ ፈትተን ስንከፍት ባትሪዋ የመጀመሪያዋ አልነበረችም፤ ሰው ቀይሯታል። ጀርባዋ ላይ 2000 ሚሊአምፒር ሰዓት ተብሎ ተጽፏል። በቁመትም በውፍረትም ከሶኒዋ እኩል ናት፣ ስትመዘን ግን ቀለል ትላለች። ሊቲየም ባትሪ የሚይዘው በውስጡ ባለው ቁስ መጠን ነው። በዚያው ቦታ ላይ፣ ክብደቱ ቀንሶ፣ አቅሙ እጥፍ ሊሆን የሚችልበት መንገድ የለም። ሁለት ጥፋት ተደርቦ ስለነበር ነው አንዱ ሲስተካከል ሌላው የታየው።

ዶክ ላይ ሌሎች ሁለት ጸባዮች አሉ፣ ሰውን ያስደነግጣሉ እንጂ ጥፋት አይደሉም። አረንጓዴ ከሆነ በኋላ ቆይቶ ቀይ ቢሆን፣ ባትሪው ትንሽ ወርዶ ሰርኪዩቱ መልሶ ሊሞላው ጀምሯል ማለት ነው። ጨርሶ አረንጓዴ አልሆን ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጆይስቲኩ ሳይጠፋ ነው የተቀመጠው፤ ራሱ የሚበላው ከረንት ከዶኩ ወሰን በላይ ስለሆነ መብራቱ ቀይ ላይ ይቆያል።

አንዳንድ ቤቶች ከዚህ ሁሉ ጣጣ ለመገላገል ጆይስቲኩን ቀኑን ሙሉ ከኬብል አይነቅሉትም። ለጨዋታው ይመቻል፤ ለባትሪው ግን ክፉ ነው። ሊቲየም የሚያረጀው ሞልቶ ሲቀመጥና ሲሞቅ ነው፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ደግሞ ይብሳል። ሶኒ ቻርጅ እንዲደረግ የሚመክረው ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሙቀት ውስጥ ነው። ሐዋሳ በየካቲትና በመጋቢት ቀትር ላይ ውጪው ራሱ ወደ 30 ይጠጋል፤ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑና ማሽኑ ከሚተፉት ሙቀት ጋር፣ ከዚያ ያልፋል። ማታ ከተማው ሲቀዘቅዝ ቻርጅ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም። ቀን ላይ ደግሞ የመብራቱን ድምቀት መቀነስ ይረዳል፤ `Settings`፣ `Devices`፣ `Controllers` ውስጥ `Brightness of DUALSHOCK 4 Light Bar` የሚለውን `Dim` ማድረግ ነው። ለውጡ ትንሽ ነው፣ ግን ነፃ ነው። ቤቱ ለወራት የሚዘጋ ከሆነ ጆይስቲኩን ባዶ አድርጎ መተው ባትሪውን ይገድለዋል፤ ግማሽ ያህል ሞልቶ ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ነው።

ድንጋይ የሚበላው የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ነው፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ለኮምፒውተር የሚሸጡ አንዳንድ ገመድ አልባዎች። ሁለት የጣት ድንጋይ ይገባባቸዋል። ማይክሮሶፍት ለአዲሱ ጆይስቲኩ እስከ 40 ሰዓት ይላል፤ ይህ ግን በአልካላይን ነው። ሱቅ ላይ በርካሽ የሚገኘው የካርቦን ዚንክ ድንጋይ ከዚያ እጅግ ያነሰ ይይዛል፣ ለሬዲዮና ለሪሞት እንጂ ለዚህ አልተሠራም። በአልካላይንም ቢሆን በቀን አሥር ሰዓት የሚጫወትበት ቤት በየአራት ቀኑ ሁለት ድንጋይ ይጥላል። በዓመት ለአንድ ጆይስቲክ 180 ድንጋይ መሆኑ ነው። ኒኬል ሜታል የሚባለው ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይሞላል፤ ለአንድ ጆይስቲክ አራት ቢገዛ፣ ሁለቱ ሲሠሩ ሁለቱ ይሞላሉ። ለንግድ ቤት ይህ ክርክር የሚያስፈልገው አይመስለኝም። በሳምንት አንዴ ለሚጫወት ሰው ግን ጥሩ አልካላይን ያዋጣዋል። ቻርጅ የሚደረገውን ከፈለገም ሳንዮ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣውን የኤነሉፕ ዓይነት፣ ተቀምጦ ቶሎ የማይወርደውን፣ ይምረጥ።

እዚህም መለኪያው ያሳስታል። ጆይስቲኩ የሚያየው ቮልቴጅ ነው፣ የተሠራውም 1.5 ላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ለሚወርደው አልካላይን ነው። ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ ሞልቶም 1.2 አካባቢ ነው፤ እስኪያልቅ ድረስም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ገና ከቻርጀሩ የወጣ ድንጋይ ስክሪኑ ላይ በግማሽ ሊታይ ይችላል፣ “ሊያልቅ ነው” እያለም ለሰዓታት ይሠራል። በቅርቡ የመጣው በራሱ የዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሞላ ባለ 1.5 ቮልት ሊቲየም ድንጋይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሙሉ ያሳይና ሳያስጠነቅቅ ይጠፋል።

የድንጋዮቹን ቻርጀር ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ብዙው ርካሽ ቻርጀር መሙላቱን የሚያውቅበት ነገር የለውም፤ ቀይ መብራቱ ሶኬቱ ኤሌክትሪክ እንዳለው ብቻ ነው የሚናገረው፣ ለዓመት ቢሰካ ለዓመት ይበራል። ጊዜውን ማስላት የእናንተ ሥራ ነው። ድንጋዩ 2000 ሚሊአምፒር ሰዓት፣ ቻርጀሩ ደግሞ 150 ሚሊአምፒር ከሆነ፣ ሲካፈል ከ13 ሰዓት በላይ ይመጣል፤ በሙቀት የሚባክነው ሲጨመር ወደ 17 ሰዓት ነው። ማታ ሁለት ሰዓት የተሰካ ድንጋይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገና አልሞላም ማለት ነው። አልካላይን ድንጋይ ግን በየትኛውም ቻርጀር አይሞላም፤ ይፈነዳል ወይም ያፈስሳል። ጆይስቲክ ውስጥ ተረስቶ ያፈሰሰ እንደሆነ በእግሮቹ ላይ ነጭ ዱቄት ይተዋል። በጥጥ ጫፍ ጥቂት አቼቶ ወይም ሎሚ ነክቶ ማጥፋት፣ ከዚያ በአልኮል ጠርጎ ማድረቅ ነው፤ ዱቄቱን በባዶ እጅ መንካት ቆዳ ይልጣል።

ሊቲየሙ ሲነፋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የጆይስቲኩ ሁለት ሽፋን መገናኛው ላይ ከከፈተ፣ ወይም መሐል ያለው መዳሰሻ ሲጫኑት ቀጭ ማለት ከተወ፣ ባትሪው አብጦ እየገፋ ነው። ቻርጅ ማድረግ ያን ጊዜውኑ ይቁም። መበሳት፣ መጫን፣ ከቆሻሻ ጋር ማቃጠል እሳት ያስነሣል። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኖ አሸዋ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ማኖርና ለባትሪ ሰብሳቢ ማስረከብ ይሻላል። ቦይ ውስጥ አይጣል፤ የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፣ የገባበት እዚያው ይቀራል።

ምትክ ባትሪ ሲገዛ ሁለት ነገር ይታይ። የመጀመሪያው ዱዋልሾክ 4 እና እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣው ሁለተኛው ዓይነት የባትሪያቸው መሰኪያ መጠን ይለያያል፤ አሮጌውን ይዞ መሄድ ነው። ሁለተኛው ጀርባው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ በዚያ መጠን 2000 ወይም 3000 የሚል ካያችሁ ሌላ ፈልጉ። ገዝታችሁ ስትገቡ ባዶ እስኪሆን ተጫውታችሁ በዩኤስቢ መለኪያው በኩል ሙሉት። መብራቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ከጠፋና መለኪያው 900 ካለፈ ገጥሟችኋል። 400 ላይ ከቆመ ደረሰኙ ሳይጠፋ ወደ ሱቁ ተመለሱ።